ሲፒቲው ጁን 1 ይላል፣ ኩባንያው ሜይ 18 ነይ ይላል

ጥያቄው የተለጠፈው አሜሪካ የሚማሩ ልጆቻችን በሚሰባሰቡበት መድረክ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ኤፕሪል 28 ማታ። ጠያቂዋ ቨርጂኒያ ውስጥ ማስተርስ የምትማር ኢትዮጵያዊት ናት። ባለፈው ኦገስት ጀምራ ሁለት ሴሚስተር ልትጨርስ ነው። ሲያትል ካለ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ የ12 ሳምንት ኢንተርንሺፕ አግኝታለች፤ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በሰዓት 30 ዶላር። የትምህርት ቤቷ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሲፒቲውን፣ ማለትም የትምህርቱ አካል ሆኖ ለሚሠራ ሥራ የሚሰጠውን ፈቃድ፣ አጽድቆ አይ-20 የተባለውን የተማሪነት ወረቀት በአዲስ አትሞ ሰጥቷታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የኩባንያው ስም፣ ሙሉ ጊዜ የሚል ቃልና ከጁን 1 እስከ ኦገስት 21 የሚሉ ቀኖች ሰፍረዋል።

ችግሩ የመጣው ሰኞ ማታ ነው። የኩባንያው የሰው ኃይል ሠራተኛ ኢንተርኖቹ በሙሉ ሜይ 18 አብረው እንዲጀምሩ ተወስኗል ብላ ጻፈችላት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥልጠና ብቻ ስለሆኑና ስለማይከፈልባቸው ፈቃድ አያስፈልግም የሚል አስተያየትም ጨመረችበት። ጠያቂዋ ሦስት ነገር ጠየቀች፦ ሜይ 18 ብትሄድ ችግር አለው ወይ፤ ይህ ሲፒቲ ከምረቃ በኋላ የምትወስደውን ኦፒቲ፣ ያንን የ12 ወር የሥራ ፈቃድ፣ ይበላባታል ወይ፤ ሶሻል የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሌላት ምን ታድርግ።

1ኛው መልስ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። መላሹ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጀመረና ሳትጨነቅ ሜይ 18 እንድትሄድ መከራት። የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ደመወዝ ሲኖር ነው፤ ያልተከፈለበት ነገር ሥራ ሊባል አይችልም፤ ኩባንያው ራሱ ችግር የለም ካለ ደግሞ ኃላፊነቱ የእሱ ነው ባይ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ለዚህ ይሆናል አሥራ ሁለት ሰው ወዲያው የወደደለት።

2ኛውን የጻፈው ሰው አይ-20 ሲያገላብጥ የሚውል መሆኑ ካጻጻፉ ያስታውቃል። በትሕትና ጀምሮ ከላይ ያለው ምክር ልጅቷን ስታተሷን፣ ማለትም በተማሪነት አሜሪካ የመቆየት መብቷን፣ ሊያሳጣት እንደሚችል ተናገረ። ሲፒቲ በጥቅሉ አሜሪካ ውስጥ ሥሪ የሚል ፈቃድ ሳይሆን ለአንድ ቀጣሪ፣ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን፣ በዚህን ያህል ሰዓት ተብሎ የተቆረጠ ፈቃድ ነው። ጁን 1 ካለ ሜይ 31 ፈቃድ የላትም። ዲኤስኦው፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ፣ ሴቪስ የተባለው የመንግሥት የተማሪዎች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ያለፈ ቀን ወደ ኋላ ሊጽፍላት ስለማይችልም አንዴ ከተሠራ በኋላ የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

ደመወዝ አለመኖሩ ለምን እንደማያድናት ሲያብራራ ትንሽ ረዘም አለ። አዲስ ሠራተኛ ለቀጣሪው ሥራ እንዲዘጋጅ የሚሰጠው ሥልጠና የሥራው አካል ነው፤ ኮዳቸውን ታያለች፣ መለያ ቁጥር ይሰጣታል፣ የስብሰባ ግብዣ ይላክላታል። ኃላፊነቱ የኩባንያው ነው የሚለውንም አልተቀበለውም። ኩባንያው ቢቀጣ በገንዘብ ነው፤ ተማሪ ግን የሚያጣው ስታተሱን ነው። ስታተስ የወደቀበት ተማሪ ወደ ነበረበት እንዲመለስ የሚያመለክትበት ሥርዓት እንዳለ ጠቅሶ፣ ያን ለማግኘት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ያለፈቃድ ሥራ አለመሥራት ነው አለ። ትምህርት ያቋረጠ ሰው ምክንያቱን አስረድቶ ሊመለስ ይችላል፤ ያለፈቃድ የሠራ ግን ያ በር ይዘጋበታል።

ማን ያውቃል የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ቀድሞ ጠብቆ ኖሯል። ኩባንያው የአዲስ ሠራተኛ የሥራ ፈቃድ የሚረጋገጥበትን ቅጽ አይ-9 ሲሞላ የመጀመሪያውን የሥራ ቀን በሁለተኛው ክፍል ይጽፋል። ከዓመታት በኋላ ኤች-1ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ሲጠየቅ መርማሪው የቆዩ አይ-20ዎችንና የደመወዝ ወረቀቶችን አስመጥቶ ቀን ከቀን ሊያስተያይ ይችላል። ያኔ ሜይ 18 እና ጁን 1 አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ከዚያ ምን ማድረግ እንደምትችል ነገራት፤ ለእኔ ከመልሱ ሁሉ የጠቀመው ይህ ነው። የቅጥር ደብዳቤውን መፈረም ሥራ አይደለም። የኋላ ታሪክ ማጣሪያውና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራውም እንዲሁ። የአይ-9ኙን የመጀመሪያ ክፍል ቅጥሩን ከተቀበለች በኋላ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መሙላት ይፈቀዳል። ላፕቶፑ በፖስታ ቢላክላትም ካርቶኑ ሳይከፈት ጥግ ላይ ይቀመጥ። ወደ ኩባንያው ሲስተም ገብታ የሥልጠና ቪዲዮ ከከፈተች ግን ሥራ ጀምራለች፤ የገባችበት ሰዓትም እዚያው ተመዝግቦ ይቀራል።

3ኛው መልስ የዚያው የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ ትንሽ ከፍቶታል። ቤተ ክርስቲያን በነፃ የሚያገለግል ተማሪ ሁሉ ሕግ ጥሷል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

4ኛዋ መላሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰችለት። በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ማንም በማይከፈልበት ቦታ ማገልገል አንድ ነገር ነው፤ ለትርፍ የቆመ ኩባንያ ለሌላው ሰው ከፍሎ በሚያሠራው ቦታ ላይ በነፃ መሥራት ሌላ ነገር ነው። ሜይ 18 አብረዋት ከሚሠለጥኑት አሜሪካውያን መካከል አንዱ እንኳ የሚከፈለው ካለ ጉዳዩ እዚያው አለቀ አለችው።

5ኛው መልስ ርዕሱን ብቻ አይቶ የገባ ሰው ነው። ተማሪ በሳምንት 24 ሰዓት ከግቢ ውጭ እንዲሠራ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ስለተፈቀደ ሥልጠናውን በዚያ ሰዓት ውስጥ አጣጥፋ እንድትጨርሰው መከራት፤ እሱም እንዲሁ እንደሚያደርግ ጨመረ። ልክ ነው፣ ግን የካናዳ ሕግ ነው። 6ኛው ይህን አንሥቶ ቶሮንቶና ሲያትል ድንበር ይለያቸዋል ወንድሜ ብሎ ቀለደበትና አሜሪካ ውስጥ ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ የገባ ተማሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ከግቢ ውጭ አንድ ሰዓትም መሥራት እንደማይችል ነገረው። ካናዳዊው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እንዲህ በሰላም የሚወጣ ሰው በዚህ መድረክ ብርቅ ነው።

7ኛ ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ዲኤስኦዋን በስልክ አግኝታ ጁን 1 ለምን እንደተመረጠ ጠይቃው ነበር። ሲፒቲው ከተመዘገበችበት የአንድ ክሬዲት የኢንተርንሺፕ ኮርስ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሷ የተመዘገበችው ጁን 1 በሚጀምረው የበጋ ክፍል ነው። ሜይ 11 የሚጀምር ሌላ የበጋ ክፍል አለ። ወደዚያኛው ከተዛወረች ሲፒቲው ከሜይ 18 ሊጀምር ይችላል፤ ግን አዲስ የቅጥር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ቢሮውም ወረቀት ተሟልቶ ከገባ በኋላ አምስት የሥራ ቀን ይፈልጋል።

8ኛውን የጻፈው ያው የ2ኛው ሰው ነው፤ ቀኑን አብሯት ቆጠረ። ደብዳቤው ዓርብ ሜይ 1 ቢገባ አምስት የሥራ ቀን ማለት ሜይ 8 ነው፤ ከሜይ 18 በፊት ይደርሳል። ግን ደብዳቤው ጎደሎ ከሆነ ተመልሶ ይመጣና ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለውን ዘረዘረላት፦ የሥራ ቦታው አድራሻ ከነመንገድ ቁጥሩ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን እንደምትሠራና ከትምህርቷ ጋር ምን እንደሚያገናኘው። ኩባንያዎች ደብዳቤው ላይ የዋናውን ቢሮ አድራሻ ብቻ ጽፈው የሚሠራበትን ሕንፃ ይተዉታል። የመጨረሻውን ቀንም በጋው ሲያልቅ በሚል ያልፉታል። ዲኤስኦው ግን ሴቪስ ላይ ቀን ሳይጽፍ መቀጠል አይችልም።

አንድ ነገር አስጠነቀቃት፦ አዲሱ አይ-20 ታትሞ እጇ ላይ እስኪገባ አሮጌው ነው የሚሠራው። ጥያቄ አስገብቻለሁ ማለት ተፈቅዶልኛል ማለት አይደለም። ከኮርሱ ከወጣች ደግሞ ሲፒቲው የቆመበት መሠረት ይፈርሳል፤ የበጋ ክፍያው ከበደኝ ብላ ጁላይ ላይ ኮርሱን የጣለች ተማሪ ያለፈቃድ እየሠራች ነው።

9ኛዋ መላሽ ወደ ኦፒቲው ጥያቄ ወሰደችው። ሲፒቲ ኦፒቲን ይበላል፤ ሙሉ ጊዜ ከሆነ ሙሉውን፣ ግማሽ ጊዜ ከሆነ ግማሹን ይቀንሳል አለች። በዚህ ስሌት ልጅቷ ከ12 ወሯ ሦስት ወር ሊጎድልባት ነው። ጠያቂዋ ከሥር ገብታ ነገሩ ከዚያ እንደሚብስ ተናገረች፤ ኩባንያው በጋውን ከወደዳት በመኸሩ ሴሚስተር በሳምንት 20 ሰዓት ከቨርጂኒያ ሆና እንድትቀጥል ይፈልጋል።

10ኛው መልስ እዚህ ላይ ሁለት ነገር መደባለቁን አሳየ፤ ደግሞ ያው ሰው ነው። ግማሽ በግማሽ የሚቀነሰው ከምረቃ በፊት የሚወሰድ ኦፒቲ ነው። ያኛው ከራሱ ከ12 ወሩ ላይ ይቆረጣል፤ ሙሉ ጊዜ ከተሠራ ሙሉውን፣ በሳምንት 20 ሰዓት ከተሠራ ግማሹን። ሲፒቲ ግን አይቀንስም፤ ወይ ሙሉውን ይተዋል ወይ ሙሉውን ይደመስሳል። ደንቡ የሚለው በአንድ የትምህርት ደረጃ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ጊዜ ሲፒቲ የተጠቀመ ተማሪ ለዚያ ደረጃ ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ አያገኝም ነው። ከዓመት በታች ከሆነ አንድ ቀንም አይነካባትም።

የእሷን ቆጠረላት። ከጁን 1 እስከ ኦገስት 21 ጁን 30፣ ጁላይ 31፣ ኦገስት 21፣ ጠቅላላ 82 ቀን ነው። ከሜይ 18 ብትጀምር 14 ተጨምሮ 96 ይሆናል። በመኸሩ የምትሠራው 20 ሰዓት ደግሞ ግማሽ ጊዜ ስለሆነ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ ዲኤስኦው ግማሽ ጊዜ ብሎ እስከ መዘገበው ድረስ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚወድቀው አለ። በሳምንት 20 ተብሎ ተፈቅዶ አንድ ሳምንት ሥራ በዝቶ 23 ሰዓት የሠራ ተማሪ ከፈቃዱ ውጭ ሠርቷል፤ የሰዓት መዝገቡም ደመወዝ ክፍል ይቀመጣል። ደግሞ የመኸሩ ሲፒቲ የበጋው ተቀጥላ ሳይሆን አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ አይ-20 ነው። ትምህርት ቤቷ ያለ ኮርስ በመኸር ይፈቅዳል ወይ የሚለውን እሷ ከቢሮው ትጠይቅ ብሎ ተወው፤ ይህ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል።

9ኛዋ በኋላ ሁለቱ ተደባልቀውብኝ ነው ብላ መልሷን አላጠፋችውም፤ ከሥሩ እርማት ጻፈችበት። አጥፍታው ቢሆን 10ኛውን የሚያነብ ሰው ነገሩ ከየት እንደመጣ አይገባውም ነበር።

11ኛዋ ሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ መሆኗን ተናግራ ስለ አይ-9 ጻፈች። ትንንሽ ኩባንያዎች ሲፒቲን ስለማያውቁት ካርድ አምጪ ይላሉ። ሲፒቲ ካርድ የለውም። የሚቀርቡት ሦስት ናቸው፦ ፓስፖርት፣ ሲፒቲ የተጻፈበት አይ-20 እና አይ-94። አይ-94 ማለት ስትገባ የተመዘገበው የመግቢያ ወረቀት ነው፤ ዛሬ ከድረ ገጽ ነው የሚታተመው፣ አድራሻው `i94.cbp.dhs.gov` ነው። ሦስቱ አንድ ላይ እንደ አንድ ሰነድ ይቆጠራሉ፤ መንጃ ፈቃድ መጨመር አያስፈልግም። በቅጹ የመጀመሪያ ክፍል ላይ የሥራ ፈቃዱ የሚያበቃበት ተብሎ በሚጠየቀው ቦታ የቪዛው ወይም የፓስፖርቱ ማብቂያ ሳይሆን የሲፒቲው የመጨረሻ ቀን ይጻፋል። እሷ ብዙ ጊዜ የምታየው ስህተት እዚህ ላይ መሆኑን ተናገረች፦ ልጁ የቪዛውን ቀን ይጽፍና ሲስተሙ ፈቃዱ ሌላ ሁለት ዓመት አለው ብሎ ስለሚያምን ማንም አስታውሶ ሳይጠይቀው ከሲፒቲው ቀን አልፎ ሲሠራ ይገኛል።

ሶሻሉንም እሷው መለሰች። ሶሻል ቢሮው ሲፒቲው ሊጀምር ከ30 ቀን በላይ ከቀረው ማመልከቻውን አያስተናግድም። ጁን 1 ከሆነ 30 ቀን ወደ ኋላ ሜይ 2 ነው፤ ቅዳሜ ስለሚውል ሰኞ ሜይ 4 ትሂድ። ሜይ 18 የሚል አዲስ አይ-20 ካገኘች ግን ቀኑ አልፏልና በዚያው ዕለት መሄድ ትችላለች። ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ አይቆምም፤ አመልክታለች ተብሎ ትጀምራለች። ኩባንያው ኢ-ቬሪፋይ የተባለውን የመንግሥት የሥራ ፈቃድ ማጣሪያ የሚጠቀም ከሆነም ቁጥሩ እስኪመጣ ያንን ማጣሪያ ያዘገየዋል እንጂ ከሥራ አያስወጣትም።

12ኛው ሰው ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የጻፈው፤ የማንንም መልስ ያነበበ አይመስልም፣ የጻፈው ግን ትክክል ነው። ኤፍ-1 ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት የካላንደር ዓመታት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ አይቆረጥበትም። የደመወዝ ሶፍትዌሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ካልተነገረው 7.65 በመቶ ይቆርጣል። የእሷን ሠራው፦ በሰዓት 30 ዶላር በ40 ሰዓት በ12 ሳምንት 14,400 ዶላር ይሆናል፤ 7.65 በመቶው 1,101 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ሲመጣ እነዚያን ሁለት መስመሮች ብቻ ትይ፤ ዜሮ ካልሆኑ ያን ዕለት ደመወዝ ክፍል ትጻፍ። ኩባንያው ራሱ ቢመልሰው በሚቀጥለው ክፍያ ያልቃል፤ እምቢ ካለ ቅጽ 843 እና 8316 ተሞልቶ ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ይላካል፣ ያ ደግሞ ወራት ነው።

ከደመወዝ ለሚቆረጠው ግብር የሚሞላውን ቅጽ ደብልዩ-4 ስትሞላም ደረጃ 4(ሐ) ከሚባለው ሥር ባለው ባዶ ቦታ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ለማለት `NRA` ብላ እንድትጽፍ ነገራት። የፌዴራል የገቢ ግብሩ ግን አይቀርም። የህንድ ጓደኞቿ በአገራቸው የግብር ስምምነት መሠረት ስታንዳርድ ዲዳክሽን የተባለውን ከግብር የሚቀነስ ገንዘብ ሲወስዱ ብታይ እንዳትኮርጅ፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 13ኛው የሲያትል የበጋ ክፍል ኪራይ ከምን ተነሥቶ ምን እንደሚደርስ ጠየቀ። 14ኛዋ ከተማሪ ላይ ለሦስት ወር መከራየት እንደሚሻል ነገረችና፣ ስትዛወር አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለዲኤስኦው እንድታሳውቅ አስታወሰች፤ ቢያንስ ይቺ ከጉዳዩ አልራቀችም። 15ኛው ግን ኪራዩ ከከበዳት ቅዳሜና እሑድ በመኪና ምግብ ብታደርስ እንደሚበቃት፣ ያ የግል ሥራ እንጂ ቅጥር ስላልሆነ ሲፒቲ እንደማይጠይቅ ጻፈ።

16ኛው ቁጣ ነበር። የጻፈው ያ የታገሠ ሰው ሳይሆን ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው በሌላ ሰው ሕይወት ይጫወታል ብሎ ጀመረና ወደ ስድብ ሊሻገር ትንሽ ቀርቶት ቆመ። ፍሬው ግን ትክክል ነበር። ለራስ መሥራትም ሥራ ነው፤ ሲፒቲው የሚፈቅደው አይ-20 ላይ ስሙ ለተጻፈው ቀጣሪ ብቻ ነው፤ አፑ ዓመቱ ሲያልቅ ገቢዋን ለአይአርኤስ ያሳውቃል። 15ኛው በግሪን ካርዱ የሚሠራ ሰው እንደሆነ በኋላ ሲናገር ነገሩ ተገለጠ፤ ለእሱ የሚሠራ ምክር ነው። 17ኛ ላይ አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ተረጋጉ አለ፤ የ15ኛውን መልስ ግን አልሰረዘውም፣ ቢሰርዘው ጥሩ ነበር።

18ኛዋ በኦገስት መጨረሻ አገር ቤት ለመሄድ ያሰበ ካለ እንዲጠነቀቅ ጻፈች። አይ-20 ትክክል መሆኑ አሜሪካ ውስጥ ለመቆየት ይበቃል፤ ወጥቶ ለመመለስ ግን ያልተቃጠለ ቪዛና ዲኤስኦው ለጉዞ የፈረመበት አይ-20 ያስፈልጋል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ቪዛው ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ እንዲሆን ስለተወሰነ፣ አንዴ የገባ ተማሪ ወጥቶ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መቅረብ አለበት። ከዚህ ላይ 19ኛው ብልሃት አመጣ፦ ጠያቂዋ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት አዲስ አበባ ሆና በኢንተርኔት ብትሠራስ፤ አሜሪካ ውስጥ ስላልሆነች ሲፒቲም አያሻትም።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ሆኑ። አንደኛው የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው በአሜሪካ መሬት ላይ ለሚሠራ ነው ብሎ 19ኛውን ደገፈ። 2ኛው ሰው መርሁን አልተቃወመም፤ ግን ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የሥራ ቦታ ሲያትል ነው፣ ኮርሱም በዚያ ላይ ቆሟል፣ ኩባንያውም ላፕቶፑን ከአገር እንዲወጣ ላይፈቅድ ይችላል፤ ሳይነገር የሚደረግ ከሆነ አልመክርም አለ። ሌሎችም ገቡ፣ አንዱ አንዱን አላሳመነም፤ ጥያቄው ክፍት ቀረ።

24ኛው መልስ ሐሙስ ማታ ከጠያቂዋ መጣ። የሰው ኃይሏ ሴትዮ ደብዳቤውን ወደ ሜይ 18 ቀይራ ልካላታለች፤ ሥልጠናውም ሌሎቹ እንደሚከፈላቸው ሁሉ እንደሚከፈልበት አሁን ጽፋበታለች። የኮርሱን ክፍልም ቀይራለች። ደብዳቤውን ስታየው ግን ስሙ መጀመሪያ ቅጥሩን የሰጣት ኩባንያ አይደለም፤ ሠራተኛ የሚያቀርብ የሌላ ድርጅት ስም ነው፣ ደመወዙም ከዚያ እንደሚመጣ ይላል። የሥራ ቦታው አድራሻ ያው የሲያትሉ ሕንፃ ነው። ይህን እንዳለ ለዲኤስኦው ታስገባው እንደሆነ ጠየቀች።

25ኛውን 2ኛው ሰው ጻፈ፦ አታስገቢው። አይ-9 የሚሞላውና ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሩሽ፤ አይ-20 ላይ የሚሰፍረው ስም ከደመወዝ ወረቀቱ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አሮጌው አይ-20 ደግሞ የሌላኛውን ስም ነው የያዘው። ነገ ዓርብ ከሰዓት በፊት መልስ ካላገኘች በዚህ ጉዳይ ሜይ 18ን ትታ በጁን 1 እንድትጸና መከራት፤ ለዚያም ቢሆን የቀጣሪው ስም መጥራት አለበት።

26ኛዋ ያቺ 11ኛውን መልስ የጻፈችው የሰው ኃይል ሠራተኛ ናት። ሁለቱም ስሞች ባሉበት አንድ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚቻል፣ ቀጣሪው እከሌ፣ ሥራው የሚሠራበት ደግሞ እከሌ ጋ ተብሎ፣ የምትጠይቅበትን ዓረፍተ ነገርም ራሷ አርቅቃ ሰጠቻት። ጠያቂዋ አመሰግናለሁ፣ ጠዋት እደውላለሁ አለች። ዛሬ እሑድ ነው፤ እስካሁን አልጻፈችም።